የዓርብ ከሰዓት ሲፒኦ



ባንክ ውስጥ «ገብቷል» የሚለው ቃል ሁለት የተለያዩ ነገሮችን ይናገራል። አንደኛው፣ ወረቀቱ ባንክ ገባ ማለት ነው። ሁለተኛው፣ ገንዘቡ ሒሳባችን ውስጥ ገባ ማለት ነው። በሁለቱ መካከል ጥቂት ቀናት አሉ። ሰው በሬውን፣ መኪናውን፣ የዓመት ልፋቱን የሚያጣው በእነዚያ ቀናት ውስጥ ነው። በዚህ እትም ስለ ሐሰተኛ ቼክና ሲፒኦ ለመጻፍ የተነሣነውም፣ ነገሩ ከምዕራብ ሐረርጌ የመጣን ተማሪዎችን ቤት ስላንኳኳ፣ ዓረፋም በየዓመቱ ስለሚመጣ ነው።

ከቦርደዴ፣ ከአሰቦት፣ ከሚኤሶና ከጭሮ የመጣን ልጆች እንደምናውቀው፣ ያገራችን ቆላ ኑሮው ከብት ነው። ቦርደዴ ከአዋሽ ወደ ሚኤሶ በሚወስደው አስፋልት ላይ ስለሆነች፣ ዓረፋ ሲቃረብ ነጋዴው ከአዳማም ከአዲስ አበባም አይሱዙውን ይዞ ይመጣል። ድሮ ክፍያው በማዳበሪያ የታሰረ ጥሬ ብር ነበር። ብሔራዊ ባንክ ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ በአንድ ቀን ወጪ የሚደረግ ጥሬ ገንዘብ ላይ ገደብ ካበጀ ወዲህ ግን፣ ትልልቅ ግብይት ወደ ትራንስፈር፣ ወደ ቼክና ወደ ሲፒኦ ዞሯል። አባቶቻችን ብር በጣታቸው ዳብሰው ሐሰተኛውን ይለያሉ። ሲፒኦ ግን በጣት አይለይም።

ሲፒኦ ምን እንደሆነ ከቼክ ጋር አስተያይተን ብናየው ይቀለናል። ቼክ የሒሳቡ ባለቤት ለባንኩ የሚጽፈው ትእዛዝ ነው፤ «ከእኔ ሒሳብ ላይ ለእገሌ ይህን ያህል ክፈሉ» ይላል። ሒሳቡ ውስጥ ገንዘብ ከሌለ ቼኩ ይመለሳል። በሕጉ ቋንቋ ስንቅ የሌለው ቼክ፣ በመርካቶ ቋንቋ ደረቅ ቼክ የሚባለው ይኸው ነው። ሲፒኦ ላይ ግን የሚፈርመው ራሱ ባንኩ ነው። ገዢው ገንዘቡን አስቀድሞ ለባንኩ ይከፍላል፤ ባንኩም «እኔ ለእገሌ እከፍላለሁ» የሚል ወረቀት ቆርጦ ይሰጠዋል። ስለዚህ እውነተኛ ሲፒኦ ስንቅ አጥቶ አይደርቅም። ሰው ሲፒኦን እንደ ጥሬ ብር የሚያየው በዚህ ምክንያት ነው፤ አታላዩም ከቼክ ይልቅ ሲፒኦን የሚመርጠው በዚሁ ምክንያት ነው። እምነቱ ትክክል ነው፤ ግን የሚሠራው ለእውነተኛው ሲፒኦ ብቻ ነው።

አሁን በአንድ ወንድማችን አጎት ላይ የደረሰውን በዝርዝር እንንገራችሁ። ስማቸውን አንጠራም፤ ባንኮቹንም አንጠራም። ቁጥሮቹን የምንጽፈው በፈቃዳቸው ነው፤ «ሌላው ይማርበት» ብለዋል።

አጎታችን ለዓረፋ ያደለቧቸው ስድስት በሬዎች ነበሯቸው። አንድ ገዢ መጣና እያንዳንዱን በ95,000 ብር ተስማማ፤ በጠቅላላው 570,000 ብር። ዕለቱ ዓርብ ነው። ሰውየው ከጁምዓ ሰላት በኋላ፣ ፀሐይ ዘወር ስትል፣ አንድ ሲፒኦ ይዞ መጣ። ሲፒኦው የአጎታችንን ሙሉ ስም ይዟል፤ ማኅተም አለው፤ ሁለት ፊርማ አለው። የተጻፈበት ገንዘብ ግን 630,000 ብር ነው። «ሰባት በሬ የማገኝ መስሎኝ አስቀድሜ አሠራሁት። ትርፉን 60,000 ብር ሰኞ ለመኪናው ባለቤት ይልኩለታል» አለና የአንድ ሌላ ሰው የሒሳብ ቁጥር ሰጣቸው። በሬዎቹ በዚያው ምሽት ተጭነው ሄዱ።

ቅዳሜ ጠዋት አጎታችን ሲፒኦውን ሒሳብ ወደከፈቱበት ባንክ ወሰዱ። ወረቀቱ የሌላ ባንክ ነው። ገንዘብ ተቀባይዋ ተቀብላ፣ የገቢ ደረሰኝ ላይ ማኅተም መታ ሰጠቻቸው። ብዙም ሳይቆይ ስልካቸው ላይ መልእክት ገባ። ቀድሞ ሒሳባቸው ውስጥ 85,000 ብር ነበራቸው፤ መልእክቱ 715,000 ብር አለዎት ይላል። አጎታችን አልሐምዱሊላህ ብለው ወደ ቤታቸው ተመለሱ።

ሰኞ ጠዋት ገዢው ደወለ፤ የመኪናው ባለቤት እያስቸገረው መሆኑን ነገራቸው። አጎታችን 60,000 ብሩን ላኩ። ትራንስፈሩ ያለምንም ችግር ሄደ፤ ቀሪ 655,000 ብር የሚል መልእክትም መጣ። ጥርጣሬ ቢኖራቸው እንኳ በዚህ ይጠፋ ነበር፤ ገንዘቡ ባይገባ ኖሮ እንዴት ይወጣ ነበር?

ረቡዕ ከባንኩ ተደወለላቸው። ሲፒኦው ተመልሷል። በዚያ ቁጥር የተቆረጠ ሲፒኦ በእርግጥ ነበረ፤ ግን ለሌላ ሰው፣ ለጨረታ ማስከበሪያ፣ በትንሽ ገንዘብ የተሠራ ነበር። ያሠራውም ሰው ጨረታው ሲያልቅ ወረቀቱን መልሶ ገንዘቡን ወስዷል። አጎታችን እጅ ላይ ያለው በዚያ አምሳል፣ በጥሩ ማተሚያ የተሠራ ሐሰተኛ ነበር። ከሒሳባቸው ላይ 630,000 ብር ተቀነሰ፤ የቀረው 25,000 ብር ነው።

እዚህ ላይ ሒሳቡን ቀስ ብለን እንመልከተው፤ የጽሑፋችን ፍሬ ያለው እዚህ ነው። ሰኞ የተላከው 60,000 ብር ከየት ወጣ? ከ630,000 ብሩ አይደለም፤ እሱ መቼም አልገባም። የወጣው ቀድሞ ከነበራቸው 85,000 ብር ነው። ስልኩ ሁለቱን ደምሮ አንድ ቁጥር ስላሳየ፣ አጎታችን የገዢውን ትርፍ የመለሱ መሰላቸው እንጂ የላኩት የገዛ ቁጠባቸውን ነበር። ትራንስፈሩ መሳካቱ ስለ ሲፒኦው ምንም አያረጋግጥም። ያረጋገጠው ሒሳቡ ውስጥ ቢያንስ 60,000 ብር የራሳቸው ገንዘብ መኖሩን ብቻ ነው።

ታዲያ ባንኩ ለምን ያልመጣን ገንዘብ እንደመጣ አድርጎ አሳየ? ከእኛ ውስጥ አካውንቲንግ የሚያጠናና ባንክ ውስጥ የተለማመደ ወንድም ስላለን፣ መንገዱን ደረጃ በደረጃ አስረድቶናል።

የሌላ ባንክ ቼክ ወይም ሲፒኦ ስናስገባ፣ ባንካችን ወረቀቱን የሚቀበለው ገንዘቡን ከዚያኛው ባንክ ሊሰበስብልን ነው። እንደ መልእክተኛ ነው እንጂ እንደ ከፋይ አይደለም። በመዝገቡ ላይ የገንዘቡን መጠን ይመዘግባል፤ ግን «መልስ እስኪመጣ» የሚል ቅድመ ሁኔታ አለው። በኮምፒውተሩ ውስጥ በዚህ ጊዜ ሁለት ቁጥሮች አሉ፤ አንዱ የተመዘገበው ጠቅላላ ሒሳብ፣ ሌላው አሁን ወጪ ሊሆን የሚችለው ሒሳብ። በአጎታችን ሒሳብ የመጀመሪያው 715,000፣ ሁለተኛው 85,000 ነበር። ስልካቸው ላይ የመጣው ግን የመጀመሪያው ብቻ ነው። ቅዳሜ ዕለት 100,000 ብር ላውጣ ብለው ቢጠይቁ ኖሮ ያን ጊዜ ነገሩ ይገለጥ ነበር።

ከዚያ በኋላ ወረቀቱ ወይም ምስሉ ወደ ከፋዩ ባንክ ይሄዳል። ባንኮች እርስ በርስ ያለባቸውን የቼክ ዕዳ የሚያጣሩት አንዱ የሌላውን ሰብስቦ፣ ልዩነቱን ብሔራዊ ባንክ ዘንድ ባላቸው ሒሳብ በማወራረድ ነው፤ ባንከኞቹ ክሊሪንግ ይሉታል። ቁም ነገሩ ግን ከማወራረዱ በፊት አለ። ከፋዩ ባንክ ወረቀቱን ከራሱ መዝገብ ጋር ያመሳክራል፤ ቁጥሩን፣ ገንዘቡን፣ የተቀባዩን ስም፣ ፊርማውን፣ ከዚህ ቀደም ተከፍሎ ወይም ተሰርዞ እንደሆነ ያያል። ይህን መዝገብ ማየት የሚችለው እሱ ብቻ ነው። ቅዳሜ ወረቀቱን የተቀበለችው ገንዘብ ተቀባይ የሌላውን ባንክ መዝገብ ማየት አትችልም። እሷ የምታየው ቀኑና ስሙ ትክክል መሆኑን፣ በአኃዝና በፊደል የተጻፈው ገንዘብ መስማማቱን ነው። ማኅተሟ «ወረቀቱን ተቀብያለሁ» ይላል እንጂ «ወረቀቱ እውነት ነው» አይልም።

ዕለቱ ዓርብ ከሰዓት የተመረጠውም ለዚህ ነው። ዓርብ ማታ ያስገባም ቅዳሜ ያስገባም፣ ወረቀቱ ጉዞውን የሚጀምረው ሰኞ ነው። መልሱ ረቡዕ ቢመጣ፣ አታላዩ አምስት ቀን አግኝቷል ማለት ነው። በሬ በአምስት ቀን ውስጥ አይደለም አዳማ፣ የትም ይደርሳል፤ ለዓረፋ ከሆነ ደግሞ ታርዶ ሊሆን ይችላል።

የትርፍ ገንዘቡም ነገር እንዲሁ በዘፈቀደ አልመጣም። ለአታላዩ በሬ መሸጥ ሥራ ነው፤ ሰው ያየዋል፣ መኪናው ሰሌዳ አለው። 60,000 ብሩ ግን ንጹሕ ገንዘብ ነው። ሁለቱ ክፍያዎች አንድ ዓይነት አይደሉም። እሱ የሰጠው ወረቀት ከቀናት በኋላ ሊመለስ የሚችል ነው። እኛ የላክነው ትራንስፈር ግን ወዲያው የሚጸና ነው፤ ተቀባዩ በደቂቃ ውስጥ ያወጣዋል፤ ባንኩም ያለ ሕጋዊ ትእዛዝ ከሰው ሒሳብ ላይ አንሥቶ ሊመልስልን አይችልም። አጎታችን ረቡዕ ዕለት ወደተላከበት ሒሳብ ሲያስጠይቁ፣ ገንዘቡ ሰኞ ዕለት ወጥቶ አልቆ ነበር። ከዋጋው በላይ ከፍሎ ትርፉን መልሱልኝ የሚል ሁሉ፣ ደረቁን ሰጥቶ እርጥቡን የሚወስድ ነው።

ይህ የሐረርጌ ብቻ ወሬ አይደለም። ለትምህርት ወደ አሜሪካ የምትሄዱ ወይም እዚያ ዘመድ ያላችሁ፣ ይኸው ነገር እዚያ በባሰ መልኩ እንዳለ እወቁ። በአሜሪካ በ1987 እ.ኤ.አ. የወጣ ሕግ ባንኮች የደንበኛን የቼክ ገንዘብ ለረጅም ጊዜ ይዘው እንዳያቆዩ ያስገድዳል። ባንክ ራሱ የፈረመበት፣ ከእኛ ሲፒኦ ጋር የሚመሳሰለው ቼክ፣ ባለቤቱ ራሱ በአካል ካስገባው፣ አብዛኛውን ጊዜ በማግሥቱ የሥራ ቀን ወጪ ሊሆን የሚችል መሆን አለበት። ሕጉ የወጣው ለደንበኛው ተቆርቁሮ ነው፤ ነገር ግን ባንኩ ገንዘቡን እንድናወጣ መፍቀዱ ቼኩ ተከፍሏል ማለት አይደለም። ሐሰተኛነቱ ከቀናት፣ አንዳንዴም ከሳምንታት በኋላ ሲታወቅ፣ ባንኩ ገንዘቡን ካስገባው ሰው ላይ መልሶ ይወስዳል። ስለዚህ እዚያ አገር ሐሰተኛውን ገንዘብ በእጃችን ቆጥረን ልናወጣው ሁሉ እንችላለን፤ ዕዳው ግን የእኛ ነው።

የአሜሪካ ፌዴራል ንግድ ኮሚሽን በ2020 እ.ኤ.አ. ባወጣው ዘገባ፣ በ2019 ብቻ ከ27,000 በላይ ሰዎች በሐሰተኛ ቼክ ጉዳይ አመልክተዋል፤ ከሠላሳ ዓመት በላይ ካሉት ይልቅ በሃያዎቹ ዕድሜ ውስጥ ያሉት ገንዘብ አጣን የማለታቸው ዕድል ከእጥፍ በላይ ነበር። ማለትም ተጎጂው ፊደል ያልቆጠረ ገበሬ ብቻ ሳይሆን፣ እንደኛ ያለ ሥራ ፈላጊ ተማሪም ነው። አንዱ የተለመደው ዘዴ እንዲህ ነው፤ ተማሪው በኢንተርኔት «ቀጥረንሃል» ይባላል፣ የቢሮ ዕቃ መግዣ ብለው ቼክ ይልኩለታል፣ «የራስህን ደመወዝ አስቀርተህ ቀሪውን ለዕቃ አቅራቢያችን ላክ» ይሉታል። ዕቃ አቅራቢውም አሠሪውም አንድ ሰው ናቸው። ቦርደዴ ላይ የመኪና ባለቤት የተባለው፣ እዚያ ዕቃ አቅራቢ ተባለ እንጂ ነገሩ ያው ነው።

ስክሪን ላይ ያለ ቁጥርና የራስ የሆነ ገንዘብ እንደሚለያዩ የአገራችን ካምፓሶች በሌላ መንገድ ዐይተውታል። መጋቢት 6 ቀን 2016 ዓ.ም. ሌሊት በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሲስተም ላይ በደረሰ ስሕተት፣ ብዙ ሰው ሒሳቡ ውስጥ ከነበረው በላይ ወጪ ማድረግና መላክ ቻለ። ብዙዎቹ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ነበሩ። ማሽኑ ብር ስለሰጠ ገንዘቡ የእነርሱ አልሆነም፤ ባንኩ ከ800 ሚሊዮን ብር በላይ መወሰዱን አስታውቆ እንዲመለስ ጠየቀ፤ ያልመለሱትንም ስማቸውንና ፎቶአቸውን ለጠፈ። ያ የሲስተም ስሕተት እንጂ የሐሰተኛ ሲፒኦ ጉዳይ አልነበረም። በአንድ ነገር ግን ይገናኛሉ፤ በሁለቱም ገንዘብ ወጥቷል፣ በሁለቱም ሒሳቡ በኋላ ተስተካክሏል።

እንግዲህ ሲፒኦ የያዘ ገዢ ሁሉ አታላይ ነው ማለታችን አይደለም። አብዛኛው ነጋዴ ሐቀኛ ነው፤ ሲፒኦም ሕጋዊ መክፈያ ነው። ታዲያ ሐቀኛውን ሳናስቀይም ሐሰተኛውን እንዴት እንለያለን?

ቀላሉ መንገድ ወረቀቱን የቆረጠው ባንክ ራሱ ጋ መሄድ ነው። የትኛውም ቅርንጫፉ ይሁን፣ ያ ባንክ የራሱን ሲፒኦ በራሱ መዝገብ ማጣራት ይችላል፤ ክሊሪንግ የሚባል ጉዞ አያስፈልግም። ቦርደዴ ላይ ቅርንጫፍ ከሌለው ሚኤሶ ወይም ጭሮ ይሄዳል። ሻጭ «ልጄ፣ አብረን እንሂድና እዚያው ይከፈለኝ፤ በሬዎቹ ከዚያ በኋላ ይጫኑ» ቢል ነውር የለውም። ሐቀኛ ገዢ ግማሽ ቀን ይጠፋበታል፤ ከዚያ በላይ አይጎዳም። አታላይ ግን ያን ጊዜ ምክንያት ማብዛት ይጀምራል።

መሄድ ካልተቻለ የሚቀረው መደወል ነው። እዚህ ላይ ሁለት ጥንቃቄ ያስፈልጋል። አንደኛ፣ ወረቀቱ ላይ ባለው ወይም ገዢው በሰጠን ስልክ መደወል የለብንም፤ ወረቀቱን ያተመ ሰው ስልኩንም ያትማል፤ በሌላው ጫፍ «አዎ፣ የእኛ ነው» የሚል ጓደኛ ያስቀምጣል። ቁጥሩን ከባንኩ የደንበኞች አገልግሎት ወይም እኛ ከምናውቀው ቅርንጫፍ እንውሰድ፤ የተሻለው ደግሞ የራሳችን ባንክ ሠራተኛ እንዲያጣራልን መጠየቅ ነው። ሁለተኛ፣ ጥያቄው «ይህ ቁጥር የእናንተ ነው?» ብቻ ከሆነ አይበቃም። በአጎታችን ጉዳይ ቁጥሩ የባንኩ ነበር። ማን ስም ላይ ተቆረጠ? ስንት ብር ነው? እስካሁን ሳይከፈል ሳይሰረዝ አለ? ብለን ሦስቱን መጠየቅ አለብን። ያ ጥሪ ዓርብ ዕለት ተደርጎ ቢሆን ኖሮ፣ በመጀመሪያው ጥያቄ ላይ ነገሩ ያበቃ ነበር። ባንክ የደንበኛን ምስጢር ለማያውቀው ደዋይ ላይናገር ይችላል፤ እንዲህ ካለ መልሱ «አልተጣራም» ነው፤ ከብቱም ይጠብቃል።

ከሁሉም የሚሻለው ወረቀቱን መተው ነው። ሲፒኦ ያሠራ ሰው ገንዘቡን ለባንክ ከፍሏል፤ ያንኑ ገንዘብ ወደ ሻጩ ሒሳብ በቀጥታ ሊያስተላልፍ ይችላል። በቀጥታ የተላለፈ ገንዘብ መልስ የሚጠበቅበት ጉዞ የለውም። እሱም ቢሆን ገዢው በስልኩ በሚያሳየን ፎቶ ሳይሆን፣ በራሳችን ሒሳብ ውስጥ ወጪ ሊሆን የሚችለውን ቀሪ ዐይተን ነው የምናምነው። ባንክ ስንጠይቅም ቃሉን እንለውጥ። «ገብቷል ወይ?» ካልን መልሱ አዎ ነው። «ከከፋዩ ባንክ መልስ መጥቷል? አሁን ሙሉውን ላውጣ ብል ይቻላል?» ካልን ግን እውነቱን እናገኛለን።

ነገሩ ከሆነ በኋላ ያለው መንገድ ጠባብ ነው፤ ቢሆንም መሮጥ ያስፈልጋል። የመጀመሪያው ሩጫ ትርፍ ወደተላከበት ሒሳብ ነው፤ የላክንበት ባንክ በጽሑፍ ማመልከቻ ይቀርብለታል፣ በዚያው ሰዓት ለፖሊስ ይመለከታል። ሐሰተኛውን ወረቀት መቅደድ ወይም ለማንም መስጠት አይገባም፤ ባንኩ የመለሰበትን ምክንያት የጻፈበት ማስረጃ፣ የገቢ ደረሰኙ፣ የመኪናው ሰሌዳ ቁጥር፣ የተደዋወልንባቸው ስልኮች አንድ ላይ ይቀመጡ። ደረቅ ቼክ ቢሆን ኖሮ ፈራሚው ይታወቃል፤ የወንጀል ሕጋችን አንቀጽ 693 አውቆ ስንቅ የሌለው ቼክ የሚያወጣን ሰው እስከ 10 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራት ይቀጣል፤ ገንዘቡንም በፍትሐ ብሔር መጠየቅ ይቻላል። በሐሰተኛ ሲፒኦ ግን የተፈረመበት ስም የማንም አይደለም። ስሙ የተጻፈው ባንክ አልቆረጠውምና ዕዳ የለበትም፤ የተቀበለው ባንክም መልእክተኛ ነበርና ያልሰበሰበውን አይከፍልም። የአጎታችን ጉዳይ አሁንም ፖሊስ ዘንድ ነው፤ በሬዎቹ አልተገኙም። ወንድማችን በዚህ ሴሚስተር ከቤት የሚላክለት ቀርቶ፣ ከትምህርት ሰዓት ውጭ ፎቶ ኮፒ ቤት ይሠራል።

በመጨረሻ አንድ ነገር። በገበያ ቀብድ የምንለው ቃል በፊቅህ ደርሶቻችን ላይም እንሰማዋለን፤ እዚያ ቀብድ ማለት በእጅ ማድረግ፣ መረከብ ነው። ዓለም አቀፉ የኢስላም ፊቅህ አካዳሚ በ1410 ሂጅራ (በ1990 እ.ኤ.አ.) ጅዳ ላይ ባደረገው ስድስተኛ ጉባኤ፣ በውሳኔ ቁጥር 53፣ በዘመናችን መረከብ ምን እንደሆነ ሲወስን ቼክን አንሥቷል። ቼክ መቀበል እንደ መረከብ የሚቆጠረው፣ ወጪ ሊሆን የሚችል ገንዘብ ከበስተኋላው ሲኖርና ባንኩ ያንን ገንዘብ ሲይዘው ነው ብሏል። ዑለማዎቹ በዋናነት ያሰቡት እንደ ምንዛሬ ያለ እጅ በእጅ መሆን ያለበትን ግብይት ነው፤ በሬ በዱቤ መሸጥ ይፈቀዳል። ነገር ግን መለኪያቸው ለገበሬውም ይጠቅማል። ያልተጣራ ሲፒኦ ተቀብሎ ከብቱን ያስጫነ ሰው እጅ በእጅ የሸጠ ይመስለዋል እንጂ፣ የሸጠው በዱቤ ነው፤ ያውም ለማያውቀው ሰው፣ ያለ ጽሑፍና ያለ ምስክር። ዱቤ መሆኑን ቢያውቅ ኖሮ የትኛውም የቦርደዴ ሽማግሌ አይሸጥም ነበር። ወላሁ አዕለም።

ለዕረፍት ቤታችን ስንገባ ለአባቶቻችን ስለ ክሊሪንግ ማስተማር አይጠበቅብንም። እነርሱ ዱቤን ከእኛ በተሻለ ያውቃሉ። «የሌላ ባንክ ወረቀት መልሱ እስኪመጣ ዱቤ ነው» ብንላቸው ይበቃል።